በሪጅስትራር የታሸገ ፖስታ ኤጀንሲ እጅ አይግባ

ሐሙስ ከሰዓት ነው የሆነው፣ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው። ለካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ዲግሪያችሁን ለማስገምገም የምትሯሯጡ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ብር እንዳትከፍሉ።

ኤጀንሲዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ላይ የካናዳ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ «ሙሉ ፕሮሰሱን ከእኛ ጣሉት» ይላሉ፣ ከዚያ ሒሳብ ይጠራሉ። የተጠራልኝ 38 ሺህ ብር ነበር። በውስጡ ዲግሪውን የሚገመግመው ድርጅት የዌስ ክፍያ፣ ትራንስክሪፕት መላኪያ፣ ውጭ ጉዳይ ማኅተም ማስመቻና «የማማከር አገልግሎት» አለበት ተባለ። ሙሉውን በቅድሚያ ነው የተቀበሉት። ደረሰኙ ላይ ግን የተጻፈው «የአገልግሎት ክፍያ፣ የማይመለስ» ብቻ ነው። የቱ ለየትኛው እንደሆነ ዝርዝሩን አልጠየቅሁም፤ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሪጅስትራር የታሸገውን ትራንስክሪፕት በእጄ ሰጠኝ። ቡናማ ፖስታ ነው። ክዳኑ ተለጥፎ በመዝጊያው መስመር ላይ ፊርማ አርፎበታል፣ በላዩ የዩኒቨርሲቲው ክብ ማኅተም ግማሹ ክዳኑ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ተመትቷል። ማኅተሙ እንዲህ ለሁለት የሚከፈለው ፖስታው ከተከፈተ ሁለቱ ግማሾች መልሰው እንዳይገጥሙ ነው። ያንን ፖስታ ይዤ ቀጥታ ቢሯቸው ሄድኩ። ልጅቷ ተቀበለችኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ከመሳቢያ መቀስ አወጣች፣ ቀና ሳትል ጫፉን ቆረጠችው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት ወረቀቱን ስካነሩ ላይ እያስቀመጠች «ሳናየው እንዴት እንልካለን?» አለችኝ። ጮክ ብዬ ስናገር ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ ወጣ። ፖስታውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ «እህቴ፣ ስንት ሰው ልከናል፤ ዛሬ አንቺ ልታስተምሪን ነው?» አለ። ቀጥሎም ልጅቷን «አዲስ ፖስታ አድርጊበትና የእኛን ማኅተም ምቺበት» አላት።

የራሳቸውን ማኅተም! በዩኒቨርሲቲው ሰነድ ላይ፣ የኤጀንሲ ማኅተም።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ ልንገረው። የግምገማው ሥራ ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ወጥቶ ገምጋሚው ጋ እስኪደርስ ድረስ አመልካቹም ሆነ ወኪሉ አልነካውም በሚለው ላይ። ቶሮንቶ የተቀመጠው ገምጋሚ የሪጅስትራራችንን ፊርማ አያውቅም። ማመን የሚችለው ታሽጎ በቀጥታ ከተቋሙ የመጣውን ነው። ማኅተሙ የተቀደደ፣ ወይም የሌላ ድርጅት ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ሲደርሰው ወረቀቱ ውስጥ ያለው ነጥብ ሁሉ እውነት ቢሆንም እንደ ይፋዊ ሰነድ አይቀበለውም። አካውንታችሁ ላይ ሰነዱ «አልደረሰም» ወይም «ተቀባይነት የለውም» ተብሎ ይቀመጣል፣ እናንተ ደግሞ ኤጀንሲው «ተልኳል፣ ጠብቁ» እያለ ወር ትቆጥራላችሁ። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝኛ ፈተናችሁ ውጤት ሁለት ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል።

እዚህ ላይ የራሴም ጥፋት አለ። ፖስታውን በእጄ መቀበል አልነበረብኝም። ሪጅስትራር ራሱ ለኩሪየር እንዲያስረክብና ላኪ ሆኖ የዩኒቨርሲቲው ስምና አድራሻ እንዲጻፍ መጠየቅ ነበረብኝ። የመላኪያውን ሒሳብ ተማሪው ቢከፍልም ላኪው ተቋሙ መሆን አለበት። «ኤጀንሲው ይልከዋል» ብዬ ነው የሰነፍኩት።

ከዚያ በኋላ ስልኬን አውጥቼ የዌስ አካውንቱን ለማየት ጠየቅሁ። አካውንቱ የተከፈተው በእነሱ ኢሜይል ነው። የይለፍ ቃሉን ስጠይቅ «ሲስተሙ የቢሮ ነው፣ ለደንበኛ አይሰጥም» አሉኝ። ስንጨቃጨቅ ቆይተን ስክሪኑን አዞረልኝ። ያየሁት ነገር ከመቀሱ የባሰ ነበር። የተመረጠው ሪፖርት ለአሜሪካ የሚሆነው፣ ሰነድ በሰነድ ብቻ የሚገመግመው ዓይነት ነው። ካናዳ ለኢሚግሬሽን የምትቀበለው ECA የሚባለውን ነው። ዌስ ላይ ስታመለክቱ አገሩ ካናዳ፣ ዓላማው ኢሚግሬሽን ሆኖ የሪፖርቱ ስም ውስጥ ECA እና የካናዳ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አጭር ስም የሆነው IRCC የሚሉት ፊደሎች መታየት አለባቸው። እነዚህ ከሌሉ ሪፖርቱ ቢወጣም ኤክስፕረስ ኢንትሪ ፕሮፋይል ላይ የሚሞላ የECA ቁጥር አይኖራችሁም።

ያ ቁጥር ከሌለ ምን እንደሚቀር ልንገራችሁ። ከካናዳ ውጭ የተማረ ሰው በፌዴራል ስኪልድ ወርከር መንገድ ለመግባት ECA ግዴታው ነው፣ ያለ እሱ ብቁ አይባልም። ያላገባ ሰው አንደኛ ዲግሪው ሲታወቅለት ሲአርኤስ በሚባለው የኤክስፕረስ ኢንትሪ ነጥብ አሰጣጥ 120 ነጥብ ያገኛል፣ ማስተርስ ከሆነ 135። የትዳር ጓደኛም ዲግሪ ተገምግሞ ከቀረበ እስከ 10 ነጥብ ሊጨምር ይችላል። እኔ ልቀበል የነበረው ሪፖርት ከእነዚህ አንዱንም አያስገኝም ነበር።

ስለ ውጭ ጉዳይ ማኅተሙም ዝም ብዬ አላልፍም፣ ብዙ ሰው በዚህ ነው የሚበላው። ወረቀት አስመትቶ መሄድ የለመድነው ከዓረብ አገሮች ነው። እዚያ ዲግሪው በየመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ተመትቶበት፣ ኤምባሲ ገብቶ ነው የሚሠራው። ለዌስ ይህ ሰንሰለት አያስፈልግም። በውጭ ጉዳይ የተረጋገጠ ትራንስክሪፕት በእጃችሁ ይዛችሁ ብትልኩ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የሚመጣውን አይተካም። ኤጀንሲው ግን በሁለቱም በኩል ሒሳብ ይቀበላል።

አሁን እየሠራሁ ያለሁት እንዲህ ነው። አዲስ አካውንት በራሴ ኢሜይል ከፈትኩ፣ ስሜን ፓስፖርቴ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ሞላሁ። የኛ ሰው እዚህም ላይ ይቸገራል። ፓስፖርት ላይ የአባትና የአያት ስም አለ፣ ዲግሪው ላይ አንዱ ፊደል በእንግሊዝኛ ሌላ ሆኖ ተጽፏል። ስትመዘገቡ ሰነዱ ላይ ያለውን አጻጻፍም «ሌላ ስም» በሚለው ቦታ አስገቡት፣ ካልሆነ ፖስታው ደርሶ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀመጣል። ካመለከታችሁ በኋላ ሪፈረንስ ነምበር ይሰጣችኋል። የትራንስክሪፕት መጠየቂያ ቅጹን ከአካውንቱ አውርዱ፣ የእናንተን ክፍል ሙሉ፣ ለሪጅስትራር ስጡ። እሱ የራሱን ክፍል ሞልቶ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ያሽገዋል። ፖስታው ላይ ሙሉ ስማችሁና ሪፈረንስ ነምበራችሁ በግልጽ ይጻፍ።

የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ያለበት ሰው ከሁሉ በፊት ያንን ይጨርስ። ዕዳው ካልተዘጋ ሪጅስትራር ይፋዊ ትራንስክሪፕት አያወጣም፣ ኤጀንሲ «እኛ እናስወጣዋለን» ቢላችሁ አትመኑት። ትራንስክሪፕታችሁ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ሪጅስትራር «እ.ኢ.አ.» ወይም በእንግሊዝኛ አቻውን እንዲያመለክት ጠይቁት፣ አለበለዚያ የተመረቃችሁበት ዓመት ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ከሥራ ልምድ ወረቀታችሁ ጋር ይጋጫል።

ክፍያው ከ200 የካናዳ ዶላር በላይ ነው፣ በዓለም አቀፍ ካርድ ነው የሚከፈለው። ኤጀንሲዎቹ የሚኖሩት በዚህች በካርድ እጦታችን ነው። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ካላችሁ አካውንቱን እናንተ ሞልታችሁ የመክፈያው ገጽ ላይ ስትደርሱ ብቻ ካርዱን ያስገባላችሁ። ኤጀንሲ ግድ ከሆነባችሁም የክፍያ ሥራውን ብቻ ስጡት፣ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ የእናንተ ይሁን። ሐኪምና ፋርማሲስት የሆናችሁ ደግሞ በሙያችሁ ልታመለክቱ ከሆነ ዌስ አይደለም የሚገመግማችሁ፦ ለሐኪሞች የካናዳ ሜዲካል ካውንስል፣ ለፋርማሲስቶች የካናዳ ፋርማሲ ፈታኝ ቦርድ ነው። ይህን የማይጠይቃችሁ ኤጀንሲ ሥራውን አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ «ነጥቡ ዝቅ ካለብሽ ማስተካከል እንችላለን» አለኝ። ይህን የሚላችሁ ካለ በዚያች ደቂቃ ተነሥታችሁ ውጡ። በሐሰት ሰነድ የተያዘ ሰው 5 ዓመት ወደ ካናዳ ማመልከት ይከለከላል፣ የሚከለከለው ደግሞ ኤጀንሲው አይደለም፣ ስሙ ያለበት አመልካች ነው።

ከእነሱ ጋር አካውንት የከፈታችሁ ዛሬውኑ ሪፈረንስ ነምበራችሁንና የገቡበትን ኢሜይል ጠይቁ፣ ሪፖርቱ ላይ ECA የሚል መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ፖስታችሁ ገና ቢሯቸው ካለ ዛሬውኑ አውጡት፣ ጠርዙንም አገላብጣችሁ እዩት።