ክብ ጠረጴዛ፣ የክፍል አቀማመጥ ወይስ ቲያትር? አዳራሽ ከመከራየትዎ በፊት

አንድ አዳራሽ «ሁለት መቶ ሰው ይይዛል» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በቲያትር አቀማመጥ ነው፤ ማለትም ያለ ጠረጴዛ፣ ወንበር ብቻ በረድፍ ተደርድሮ። እራት ለማብላት ያሰበ ሰው በዚህ ቁጥር ቢዋዋል የሚቸገረው ዕለቱ ሲደርስ ነው።

12 ሜትር ስፋትና 18 ሜትር ርዝመት ያለው አዳራሽ እንውሰድ። ለመድረክ ከፊት 4 ሜትር፣ ለመግቢያ ከኋላ 2 ሜትር ብንተው 12 በ12 ሜትር ይቀረናል።

በቲያትር አቀማመጥ፣ ከአንዱ ረድፍ እስከ ቀጣዩ 90 ሴንቲ ሜትር ይዘን በመሃልና በሁለቱ ጎን መተላለፊያ ብንተው፣ 16 ወንበር ያላቸው 13 ረድፎች ይገባሉ፤ 208 ሰው። ለንግግርና ለምርቃት ከዚህ የሚሻል የለም። ማስታወሻ ለሚይዝ ሰው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አይመከርም።

የክፍል አቀማመጥ በአንድ ጊዜ ቁጥሩን ይቀንሰዋል። 1.80 ሜትር ርዝመት ያላቸው ጠባብ ጠረጴዛዎች አራት አራት ሆነው በ8 ረድፍ ይቀመጣሉ። በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ሰው ካስቀመጥን 96፣ ሁለት ካስቀመጥን 64 ሰው ይሆናል። ላፕቶፕና ወረቀት ለሚዘረጋ ሠልጣኝ እኔ የምመርጠው ሁለቱን ነው።

ብዙ ስሕተት የሚሠራው በክብ ጠረጴዛ ላይ ነው። 1.50 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያው 4.70 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለስምንት ሰው በነፍስ ወከፍ 59 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። «አሥር እናስቀምጥ» ቢባል ወደ 47 ይወርዳል፤ ይህም የአንድ ወንበር ወርድ ያህል ብቻ ነው፤ እንግዳው ክርኑን ሳያነካካ መቁረስም መጉረስም አይችልም።

በሁለት ጠረጴዛዎች ጠርዝ መካከል 1.50 ሜትር ይተው። ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ሁለት እንግዶች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ያህል ይወስዳሉ፤ ለአስተናጋጁ የሚቀረው ግማሽ ሜትር ነው። ክፍተቱን ወደ 1.20 ካጠበቡት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ትሪው የሚያልፈው በእንግዶች ራስ ላይ ይሆናል።

በእኛ አዳራሽ በዚህ ልክ 16 ጠረጴዛ ይገባል። ዳር ያሉት ስምንቱ ግን ከግድግዳው 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚርቁ በግድግዳው በኩል ያለውን ወንበር ማንሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚቀመጠው 128 ሳይሆን 120 ሰው ነው። ከምግቡ ጋር ንግግር ካለ ደግሞ ለመድረኩ ጀርባቸውን የሚሰጡትን ሦስት ወንበሮች ከየጠረጴዛው አንስተው አምስት አምስት ሰው ያስቀምጡ፤ 80 ይሆናል። በእኔ እምነት ስብሰባና ምሳ በአንድ አዳራሽ ለሚያደርግ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ይኸኛው ነው።

ውል ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ጠረጴዛዎችን በሚባለው ክፍተት ያስዘርጉ፤ ወንበሮቹ ላይ ሰው ያስቀምጡና አስተናጋጁ የሞላ ትሪ ይዞ በመሃላቸው ይለፍ። የተቀመጠው ሰው ወንበሩን ወደፊት ለመሳብ ከተገደደ የጠረጴዛውን ቁጥር ያስቀንሱ።