ያው 110፣ ሌላ ቀስት

ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ታማሚ ነዎት፤ ከምግብ በፊት ቆዳዎ ላይ የተለጠፈው የስኳር መለኪያ ሴንሰር 110 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይላል እንበል። ስኳሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚያሳየው ቀስት ወደ ጎን ከሆነ ስኳሩ ረግቷል። የተለመደውን ፈጣን ኢንሱሊን ወግተው፣ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይበላሉ። በቃ።

ያው 110 ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሚያመለክት ቀስት ጋር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ መሣሪያዎች ይህ ቀስት በደቂቃ ከ2 በላይ መውረድን ያሳያል። እንዲህ ከቀጠለ በ20 ደቂቃ ውስጥ የዝቅተኛ ስኳር ድንበር የሆነው 70 ላይ ይደርሳል። ሴንሰሩ የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ደግሞ ከደም ጥቂት ደቂቃዎች ይዘገያል፤ ደሙ ከ110 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ ወግቶ መጠበቅ ጣጣ ያመጣል። መጀመሪያ ይብሉ፤ ኢንሱሊኑን ከሐኪምዎ ጋር በተስማማችሁበት መጠን ቀንሰው ይውሰዱ። ስሜትዎና ቁጥሩ ካልተጣጣሙ ጣትዎን ወግተው ይለኩ።

የሚገርመው፣ ስኳሩ ከ70 እስከ 180 መካከል የቆየበትን ጊዜ ለሚቆጥረው የሴንሰሩ ሪፖርት ሁለቱም 110 እኩል ናቸው።