አሥር ሰዓት በአውቶቡስ፣ ከአምስት ወር ልጅ ጋር

ሀገር ቤት ገብቼ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልጄን ይዤ አሥር ሰዓት የሚፈጅ መንገድ በአውቶቡስ ሄጄ ተመለስኩ። ልጄ አምስት ወሯ ነው፤ ጡጦ ብቻ ነው የምትጠባው። ለሄድኩበት አውቶቡስ ከአምስት ሁለት፣ ለተመለስኩበት አራት እሰጣለሁ። የልዩነቱ ግማሽ ግን የራሴ ጥፋት ነው።

ስሄድ ትኬቱን ዘመድ ቆረጠልኝና የኋላ ጎማ ላይ ያለ ወንበር ደረሰኝ። ልጅቷ እንቅልፍ በያዛት ቁጥር ጉድጓዱ ያባንናታል። ረዳቱ ደግሞ "እህቴ፣ ቦርሳ ከታች ነው" ብሎ ዳይፐሩን ከነሻንጣዬ ጫነው። ስመለስ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለ መቀመጫ ራሴ መረጥኩ፤ የልጅቷን ዕቃ እግሬ ሥር በምትገባ ቦርሳ ለየሁት።

ትልቁ ስህተቴ ወተቱ ነበር። ሌሊት ስነሳ አራት ጡጦ በጥብጬ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ነርስ ናት፤ ሦስተኛውን ሳወጣ "ይሄን መቼ በጠበጥሽው?" አለችኝ። ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። የዱቄት ወተት ከተበጠበጠ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልገባ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ሽታው ሳይለወጥ ስለሚበላሽም ቀምሶ መለየት አይቻልም። ደፋሁት። ዱቄት በእጄ ነበር፣ ሙቅ ውሃ ግን የለኝም። ምሳ የምንበላበት እስክንደርስ ልጅቷ አለቀሰች፣ እኔም አብሬ።

ስመለስ እንዲህ አሰላሁ። በየ3 ሰዓቱ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች፤ ስለዚህ አራት ጊዜ። መኪና ይበላሻል ብዬ ለስድስት ያዝኩ። የተቀቀሉ ስድስት ጡጦዎች ደርቀው፣ ዱቄቱ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ተሰፍሮ በየዕቃው፣ የፈላ ውሃ ደግሞ በአንድ ሊትር ፔርሙዝ። ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ነፃ ስላልሆነ ውሃው ቢያንስ 70 ዲግሪ መሆን አለበት። ፔርሙዙ ቀኑን ሙሉ ያን ያህል አይይዝም፤ ምሳ ላይ የፈላ ውሃ አስሞላሁ።

ልጅ ታቅፎ፣ መኪና እየሄደ ግን የፈላ ውሃ አይቀዳም። የዚህኛው ረዳት ገና ስሳፈር ነግሬው ሦስት ሰዓት በሞላ ቁጥር "እማዬ፣ ጡጦው ደርሷል?" እያለ ያስቆምልኝ ነበር። አራቱን ኮከብ ያገኘው እሱ ነው። ልጅቷን ለጎረቤቴ ሰጥቼ እበጠብጥና ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሰፊ ኩባያ አቆመዋለሁ፤ አንጓዬ ላይ ጠብ አድርጌ ለብ ሲል አጠባታለሁ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ማልቀስ ከመጀመሯ በፊት ነው የሚጀመረው። የተረፋትን ለቀጣዩ አላስቀምጥም።

ዳይፐር ስምንት ይዤ ስድስት ጨረስኩ። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ምሳ በበላንበት ቦታ ልጅ የሚቀየርበት ጠረጴዛ ስለሌለ ነው። ሰው ሁሉ ሲወርድ ቀረሁና ወንበሩ ላይ አንሶላ ዘርግቼ ቀየርኳት።