አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት መርማሪ፦ የቱን እንመን?

የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የኤአይ ጽሑፍ መርማሪዎች ላይ ስትለጥፉት አንዱ «ማሽን ጻፈው»፣ ሌላው «የሰው ነው» ሊላችሁ ይችላል። ሰነዱ የተጻፈው በ1787 እ.ኤ.አ. ነው! መርማሪዎቹ የሚለኩት አንድ ነገር ስላልሆነ ነው።

ግምትን የሚለካው መርማሪ፦ የቋንቋ ሞዴል ቀጣዩን ቃል ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገምት ያያል፤ ግምቱ ቀላል ከሆነ ጽሑፉን የማሽን ይለዋል። ሕገ መንግሥቱን ሞዴሉ በሥልጠናው ደጋግሞ ስላገኘው ግምቱ አይስትም፤ መርማሪውም «ማሽን» ይላል። በቀላል ቃላት የሚጽፍ የውጭ ተማሪም እዚሁ ወጥመድ ይገባል። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በሰባት መርማሪዎች ሲፈትሹ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና የጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ በስሕተት ተከሰዋል።

ከምሳሌ የተማረው፦ የሰውና የማሽን ተብለው የተለዩ ጽሑፎችን አይቶ ይፈርዳል። የድሮ ሕግ ከሰው ወገን ካየ ሕገ መንግሥቱን ያልፈዋል። ያላየው አዲስ ሞዴል ወይም አማርኛ ሲመጣበት ግን ፍርዱ ይዋዥቃል።

ቁጥሩም ያሳስታል፦ «80%» አንዱ ጋ የእርግጠኝነት መጠን ነው፣ ሌላው ጋ የተጠረጠረው ክፍል ድርሻ።

ያልታወቀ ሞዴል ከተጠረጠረ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ለታወቀ ጽሑፍና ለቋንቋ ተማሪ ድርሰት ግን አይሆንም። ጽሑፉ መርማሪው ከሠለጠነበት ዓይነት ከሆነ ሁለተኛው። ሁለት አረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ የትኛውንም አልጠቀምም፤ ረቂቁን እጠይቃለሁ።