ለውጭ አገር የቪዛ ቀጠሮ ከሥራ መቅረት፦ በቴሌግራም ወይስ በደብዳቤ?

ካዛንቺስ በሚገኝ ቢሮ የሚሠራ ሰው ረቡዕ ጠዋት ናይሮቢ ባለ ኤምባሲ የቪዛ ቀጠሮ አለው እንበል። ለኃላፊው በቴሌግራም «ሁለት ቀን አልኖርም» ብሎ መላክ ይቀለዋል፤ ኃላፊውም «እሺ» ይለዋል። ችግሩ የሚመጣው ኤምባሲው ከቃለ መጠይቁ በኋላ ቪዛውን ለመለጠፍ ፓስፖርቱን ሲያስቀረው ነው፤ ያለ ፓስፖርት አውሮፕላን መሳፈር ስለማይቻል ሁለቱ ቀን ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ግን ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር የለም።

በደብዳቤ ማሳወቅ ጊዜ ቢወስድም ይህን እርግጠኛ ያልሆነ የመመለሻ ቀን አስቀድሞ ለመግለጽ ያስችላል፦

«ረቡዕ ናይሮቢ የቪዛ ቀጠሮ ስላለኝ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ 3 የሥራ ቀናት ከዓመት ፈቃዴ እንዲያዝልኝ፣ ኤምባሲው ፓስፖርቴን ካቆየውም በዕለቱ ሳሳውቅ ፈቃዱ እስከ ሰኞ እንዲራዘምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

የቀጠሮው ማረጋገጫ ቅጂ አብሮ ይያያዛል፤ የባንክ መግለጫና ሌሎች የግል ሰነዶችን ግን ማያያዝ አያስፈልግም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት በመሆኑ፣ የቀረሁባቸው ቀናት ከዚሁ ላይ በግልጽ እንዲያዙልኝ እኔ ደብዳቤውን እመርጣለሁ፤ ቴሌግራሙን ፓስፖርቱ የቀረ ዕለት ለመላክ አቆየዋለሁ።