«ፉል ታንግ ነው» እየተባለ የሚሸጠውን ባለመጋዝ የካምፕ ቢላዋ እንዳትገዙ!

ለካምፕ ቢላዋ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቢበርድ ኖሮም ዝም አልልም ነበር።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። የመስታወት ሳጥን ውስጥ ቢላዋውን፣ የግንባር ባትሪውን፣ ኮምፓሱን ደርድረው «ኦርጅናል ነው፣ የወታደር ዕቃ ነው» የሚሉት ናቸው። የጠየቃችሁትን ሁሉ «አዎ» ይላሉ። ፉል ታንግ ነው፣ ማለትም የስለቱ ብረት በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይሄዳል? አዎ። ካርቦን ስቲል ነው? አዎ። አይዝግም? ኧረ በፍጹም! ካርቦን ስቲል ከሆነ እርጥበት ሲነካው እንደሚዝግ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ መባነን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ሰውዬው አፉን ሞልቶ ሲናገር እውነት ይመስላል።

ቢላዋው ይህ ነው። ስለቱ 18 ሳንቲ ሜትር፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጫፉ ከጀርባው በኩል ጎድጎድ ብሎ የሾለ፣ ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለው። እጀታው ጥቁር ጎማ ነው። መጨረሻው ላይ ከበድ ያለ የብረት ቆብ አለው። አፎቱ ናይሎን ነው። ዋጋው 4,500 ብር። ሻጩ አንድ ጣቱን ስለቱ ላይ፣ ሌላውን ቆቡ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ብረቱ ከዚህ እስከዚህ አንድ ወጥ ነው» ብሏል። ይህችን ጣት አስታውሱልኝ።

የክንድ ውፍረት እንኳ የሌለው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ነበር የሚፈለጠው። ስለቱን እንጨቱ አናት ላይ አስቀምጦ ጀርባውን በሌላ እንጨት መታ መታ ማድረግ፤ ካምፕ የወጣ ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው። መፍለጡ ገና እንደተጀመረ ቀጭ አለ፤ ስለቱ እንጨቱ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ፣ እጀታው እጅ ላይ። ሰው አለመጉዳቱ ዕድል ነው።

አሁን ስብራቱን ልንገራችሁ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ጎማው ውስጥ የሚገባው የስለቱ ብረት በስለቱና በእጀታው መካከል ያለችውን የብረት መስቀል አልፎ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል እንኳ አይሄድም። እዚያ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለጥርስ ዘንግ፣ ከቡሎንና ዳዶ መሸጫ በሜትር የሚገዛው ዓይነት፣ በብየዳ ተለጥፏል። ስብራቱን ብርሃን ላይ ብታዩት ግማሹ አዲስ ብረት ስለሆነ ያብረቀርቃል፤ ሌላው ግማሽ ግን ጠቁሯል። የጠቆረው ቀድሞውንም ያልተያያዘ ነው። ብየዳው ዙሪያውን ልሶት ነው እንጂ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ዕቃው ከሱቅ ሲወጣ ግማሹ ተሰብሮ ነው የወጣው ማለት ይቻላል።

ተይዞ ወደ ሱቁ ተሄደ። ሻጩ ስብርባሪውን ሲያይ አልደነገጠም፣ አልጠየቀም። እጀታውን ተቀበለና ቆቡን በሁለት ጣቱ ይዞ አዞረው፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን ተፈታ። እጀታውን ወደታች ገልብጦ መዳፉ ላይ ጠረግ ጠረግ ሲያደርገው ዘንጉ ወጣ። ከዚያ ለጎረቤቱ ልጅ «ይቺ እኮ ትበየዳለች» አለው። ቆቡ ዳዶ እንደሆነ ያውቃል! የት እንደሚፈታ፣ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ምኑ ጋ እንደሚሰበር ያውቃል። ያኔ «አንድ ወጥ ነው» እያለ ያሳየበት ያው ጣት ነው አሁን ዳዶውን የፈታው።

«ፉል ታንግ ብለህ አልነበር?» ሲባል መልሱ ይኸው፦ «ወንድሜ፣ ቢላዋ እኮ መቁረጫ ነው። እንጨት መፍለጥ ከፈለግህ መጥረቢያ ግዛ።» ልጁ ሳቀ። ገንዘብ ይመለስ ሲባል ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለችውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትል ወረቀት በአገጩ አመለከተ፤ ቃል ማውጣት እንኳ ከበደው።

ታንግ የሚባለው ከስለቱ ቀጥሎ እጀታው ውስጥ የሚገባው ብረት ነው። ፉል ታንግ ሲሆን የእጀታውን ስፋትና ርዝመት ሞልቶ ይሄዳል፤ እንጨቱ ወይም ፕላስቲኩ ግራና ቀኝ ይለጠፍበታል። ለምን ይህን ያህል ይወራለታል? ሒሳቡን እዩት። 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ታንግ በስለቱ አቅጣጫ የሚመጣ ጫናን የሚሸከመው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ዘንግ ከሚሸከመው 20 እጥፍ ያህል ነው፤ ያውም ብረቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የዘንጉም ጥርስ ሳይቆጠር። እንጨት ስትፈልጡ የምትመቱት ወደ ጫፉ በኩል ነው፣ እጃችሁ እጀታውን ወደታች ይጫናል፤ በሁለቱ መካከል የሚጠማዘዘው መስቀሏ ሥር ያለው ቦታ ነው። እነዚህ ሰዎች የበየዱት ልክ እዚያ ላይ ነው። በሙቀት የጠነከረ የቢላዋ ብረት ደግሞ ሲበየድ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል ቶሎ ከቀዘቀዘ ይከረራል፣ ሳይጎብጥ በአንዴ ይሰነጠቃል። ስለቱ ረዝሞ ደግሞ ነገሩን አባብሶታል። በ18 ሳንቲ ሜትር ጫፍ ላይ የሚያርፍ ምት መገጣጠሚያውን የሚጠመዝዘው በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሚያርፈው ወደ እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። ፉል ታንግ ያልሆነ ሁሉ መጥፎ አይደለም። የስዊድኖቹ ሞራ ኮምፓኒየን ታንጉ እጀታው መጨረሻ አይደርስም፤ የስለቱም ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ለመላጥ፣ ለመክተፍ፣ ቀጫጭን እንጨት ለመሰንጠቅ የታወቀ ዕቃ ነው። ያው ፋብሪካ ከበድ ላለ ሥራ ብሎ ጋርበርግ የሚባል 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፉል ታንግ ይሠራል። የፊንላንዶች ባህላዊ ቢላዋም ታንጉ ቀጭን ነው። ልዩነቱ የእነዚህ ታንግ ከስለቱ ጋር ከአንድ ብረት የወጣ መሆኑ ነው፤ ብየዳ የለም። እኔን ያናደደኝ ታንጉ መቅጠኑ አይደለም፣ ተቀጥሎ «አንድ ወጥ» መባሉ ነው።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ይለያል? እውነተኛ ፉል ታንግ ከሆነ ብረቱ ብዙውን ጊዜ እጀታው ጀርባና ሆድ ላይ ይታያል። ጥፍራችሁን ከስለቱ ጀርባ ጀምራችሁ በእጀታው ጀርባ ላይ እስከ መጨረሻው ጎትቱት፤ ውፍረቱ ሳይቀየር፣ መስመር ሳይቆርጠው መሄድ አለበት። እጀታው ዙሪያውን በጎማ የተሸፈነ ከሆነ ምንም ማየት አትችሉም፤ ያኔ የገመድ ማሰሪያዋን ቀዳዳ በስልክ ባትሪ እዩ። ፉል ታንግ ከሆነ ቀዳዳው ብረቱን ይበሳል፣ መሃሉ ላይ የብረት ጠርዝ ወይም ቱቦ ይታያል። ከዳር እስከ ዳር ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ብረቱ እዚያ አይደርስም። ቆብ ካለው ያዙና አዙሩት፤ ንቅንቅ ካለ ዳዶ ነው፣ ዳዶ ካለ ውስጡ ዘንግ አለ። «ጣት ላይ አስቀምጠህ ሚዛኑን እይ» የሚሉትን አትመኑ፤ ቆቡን ያከበዱት እኮ ባዶው እጀታ እንዳይታወቅ ሚዛኑን ለመደለል ነው።

ስለ ቅርጹም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚማረከው በዚያች የመጋዝ ጥርስ ነው። መጋዝ እንጨት የሚቆርጠው ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ስለሚዘነበሉ ነው፤ የሚከፍቱት ቦይ ከብረቱ ይሰፋል። ቢላዋ ጀርባ ላይ የተሞረዱት ግን ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ጥቂት ገብተው ቀርቅረው ይቆማሉ። በዚያ ላይ ጀርባውን በእንጨት እንደልብ መምታት አይቻልም፣ ጥርሱ መምቻውን ይበላዋል። እሳት ለመጫር የሚፋቀውን ዘንግ በደንብ የሚፍቀው ደግሞ ቀጥ ያለና ጠርዙ ያልተሞለለ ጀርባ ነው። የሾለው ጫፍም እንዲሁ ነው፤ ለመውጋት ያምራል፣ ቆርቆሮ ለመክፈት ወይም ቋጠሮ ለመፈልቀቅ ጠምዘዝ ስታደርጉት ቶሎ ይሸረፋል። ለካምፕ የሚሆነው ድሮፕ ፖይንት የሚሉት ነው፤ ጀርባው ቀስ ብሎ ወደ ጫፉ የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ ብረት የተረፈው፣ ሆዱ ለሥጋና ለሽንኩርት የሚመች ቅስት ያለው። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል።

አፎቱንም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ስብራቱ ባይቀድም ኖሮ የሚያደማው እሱ ነበር። ናይሎኑ ውስጥ ስለቱን የሚይዝ ጠንካራ ፕላስቲክ የለም፤ ጫፉ ስፌቱን በስቶ ወጥቷል። ሰው ቁልቁለት ላይ ቢቀመጥበት የሚገባው ጭኑ ውስጥ ነው። እጀታውን የምትይዘው ባለቁልፍ ማሰሪያም የተሰፋችው ስለቱ በሚወጣበት መስመር ላይ ስለሆነ በተመዘዘ ቁጥር ትቆረጣለች። ሱቅ ውስጥ ማሰሪያውን ፍቱና አፎቱን ወደታች ገልብጣችሁ ነቅንቁት፤ ከእግራችሁ ራቅ አድርጋችሁ። ቢላዋው ከወደቀ አትግዙ። ዝናብ ያለበት ቦታ የምትሄዱ ታቹ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውሰዱ። ቆዳ ያምራል፣ ግን እርጥበት ይይዛል፤ ካርቦን ስቲል ከቶ ማሳደር ዝገት መጋበዝ ነው።

ስትገዙ ደረሰኙ ላይ «ፉል ታንግ፣ ብየዳ የሌለው» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ያው ቢላዋ አሁን በአረንጓዴ ጎማና በወርቃማ ቆብ መጥቷል፤ ዋጋውም ጨምሯል። ቆቡና ጎማው የሚገናኙበት ላይ ክር የመሰለች ክፍተት ዙሪያውን አለች፣ ከላይዋ ላይ ኮላ ቀብተውባታል። ያችን ካያችሁ እጃችሁን አንሱ።