ጥቁር ሳጥን የተሳለበትን ፒዲኤፍ ሳትፈትሹ ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ድሬዳዋ ውስጥ ፒዲኤፍ ላይ ያለ የግል መረጃ በክፍያ ለማስጠፋት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ለእህቴ ባል የሠራለት ሥራ ነው ይህን ያስጻፈኝ። የቤቱን ስም አልጠራም። በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ሌሎችም አሉና የአንዱን ስም መጥራት ማንንም አያድንም።

የእህቴ ባል ሳቢያን ቤት ሊከራይ ነበር። አከራዩ ውጭ አገር ስለሚኖሩ በደላላ በኩል የገቢ ማስረጃ ጠየቁ፤ የባንክ ስቴትመንት ማለት ነው። አከራዩ ማየት የሚያስፈልጋቸው በየወሩ የሚገባውን ደመወዝ ብቻ ነው። ቀሪ ሂሳቡ፣ የሂሳብ ቁጥሩ፣ ብር የላኩለት ዘመዶቹ ስም፣ ለእናቱ ሕክምና የከፈለው ገንዘብ ማንንም አይመለከትም። ፋይሉን ይዞ ኮፒ ቤት ሄደና "ከስሜና ከደመወዜ በቀር ሌላውን አጥፉልኝ" አላቸው። በገጽ 30 ብር ተስማሙ። ስድስት ገጽ ስለነበር 180 ብር ከፈለ። የተሠራው ፋይል በቴሌግራም ደረሰው። ሲከፍተው በየመስመሩ ጥቁር ሳጥን ተደርድሯል፤ ከሳጥኑ ሥር ምንም አይነበብም።

ለደላላው ከመላኩ በፊት እንዳየው ላከልኝ። ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩትና `Ctrl+A`፣ ከዚያ `Ctrl+C` ተጫንኩ። ኖትፓድ ከፍቼ ለጠፍኩት። ሁሉም ነገር ወጣ። የሂሳብ ቁጥሩ፣ ቀሪው ብር ከነሳንቲሙ፣ የአጎቱ ስም፣ የሆስፒታሉ ክፍያ። ይህን ለማድረግ ምንም የተለየ ፕሮግራም፣ ምንም የተለየ እውቀት አያስፈልግም። ደላላው በስልኩ ጥቁሩ ላይ ጣቱን ትንሽ ቢያቆይና ጽሑፉን መርጦ ኮፒ ቢያደርግ ሊበቃው ይችል ነበር።

አብረን ወደ ኮፒ ቤቱ ተመልሰን ሄድን። ሥራውን የሠራው ልጅ ትሁት ነው፤ ክፉ ሰው አይመስለኝም። "ጋሼ፣ ጥቁር ነው እኮ፣ ምን ይታያል?" አለና በወረቀት አትሞ አሳየን። ወረቀቱ ላይ ከጥቁሩ ሥር እውነትም ምንም አይታይም። እኔም እዚያው የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ኮፒ አድርጌ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው። ባለቤቱ ግን "እናንተ ሸፍኑ አላችሁ፣ እኛም ሸፈንን" ብለው ብሩን አልመልስም አሉ። የእህቴ ባል ያለው "አጥፉልኝ" ነው። የተሸጠለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልንገራችሁ። ፒዲኤፍ ፎቶ አይደለም። በውስጡ ያለው የትዕዛዝ ዝርዝር ነው፦ እዚህ ቦታ ይህን ጻፍ፣ እዚያ ቦታ ይህን ሳል። አንድ የሂሳብ ቁጥር ተጽፎ በላዩ ጥቁር ሳጥን ሲሳል፣ ፋይሉ ውስጥ የሚኖረው በግምት እንዲህ ነው፦

```
BT /F1 11 Tf 72 640 Td (1234567890) Tj ET
0 0 0 rg
70 636 110 14 re f
```

የመጀመሪያው መስመር ቁጥሩን ይጽፋል። ሁለተኛው ጥቁር ቀለም ይመርጣል። ሦስተኛው አራት ማዕዘን ስሎ ቀለሙን ይሞላል። ሳጥኑ ሲጨመር የመጀመሪያውን መስመር ማንም አልነካውም። ዓይናችን የሚያየው መጨረሻ የተሳለውን ነው፤ ኮፒ የሚያደርገው ፕሮግራም ግን ጽሑፉን ከመጀመሪያው መስመር ያነሳል። እውነተኛው ማጥፋት፣ ሬዳክሽን የሚባለው፣ ያንን የመጀመሪያ መስመር ከፋይሉ ውስጥ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ምልክት ብቻ ነው፤ ቢነሳም ከሥሩ ምንም የለም።

ይህ ስህተት የኮፒ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጃንዋሪ 2019 የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ መሪ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች አሜሪካ ውስጥ ለፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ በጥቁር ተሸፍኖ ነበር። ጋዜጠኞች ኮፒ አድርገው ሲለጥፉት ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተነበበ። ማናፎርት የምርጫ ዘመቻውን የሕዝብ አስተያየት መረጃ ለማን አካፍሏል እንደተባለ ዓለም ያወቀው በዚያው ቀን ነው። ውድ ጠበቆች ናቸው፤ እነሱም አልፈተሹም።

አሁን ወደ ፍተሻው ልምጣ፤ ብዙ ሰው ግማሹን ብቻ ስለሚያውቅ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ አንደኛው ፍተሻ ነው። ጽሑፉ ከወጣ ሥራው አልተሠራም፤ ክርክር የለውም። ነገር ግን ምንም ካልወጣ ተሠርቷል ማለት አይደለም። ምክንያቱ ስካን የተደረገ ሰነድ ነው። ስካን የተደረገ መታወቂያ ወይም የቤት ካርታ ብዙ ጊዜ በፒዲኤፍ ውስጥ እንደ ምስል ነው የሚቀመጠው፤ ኮፒ የሚደረግ ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፍተሻ ያልፋል። ግን ሳጥኑ ከምስሉ በላይ ለብቻው የተቀመጠ ዕቃ ከሆነ ሊነሳ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ምስል ሙሉ ነው።

ለዚህ ሁለተኛው ፍተሻ አለ። ፋይሉን በሊብረኦፊስ `Draw` ክፈቱት። ሊብረኦፊስ ነፃ ነው፣ ማንም ያወርደዋል። ጥቁሩን ሳጥን አንዴ ጠቅ አድርጉና `Delete` ተጫኑ። ሳጥኑ ተነስቶ ከሥሩ ጽሑፍ ወይም ምስል ከታየ ገንዘባችሁን አትክፈሉ። የእህቴን ባል ፋይል እንዲህ ስንከፍተው ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ ስቴትመንቱ ባንኩ እንደሰጠው ሆኖ ተመለሰ። የባሰው ደግሞ ስካኑ በውስጡ ቃል መፈለግ እንዲቻል ሆኖ የተሠራ እንደሆነ ነው። ያኔ ከምስሉ ጋር የማይታይ የጽሑፍ ንብርብር አለ፤ ምስሉ ላይ ያለው ቁጥር ቢጠፋም ንብርብሩ ውስጥ ያለው ሊቀር ይችላል። ሁለቱንም ፍተሻ አድርጉ የምለው ለዚህ ነው።

ልጁ ለማስተካከል ሲሞክር ፋይሉን ከፍቶ እንደገና "ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ" አደረገው። አዲስ ፋይል ስለሆነ ይጠፋል ብሎ አስቦ ነው። ኮፒ ስናደርገው ጽሑፉ አሁንም ነበር። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ አድርጎ ወደ አዲሱ ፋይል ያሻግረዋል፤ የተሸፈነውንም ጭምር።

እኛ መጨረሻ ላይ ያደረግነው ይህ ነው። ኦሪጅናሉን ስቴትመንት በ`Draw` ከፈትን። `Tools` ውስጥ `Redact` የሚል አለ። ሲነካ ሰነዱን ገጽ በገጽ ወደ ምስል ይለውጥና ትንሽ የመሣሪያ ሳጥን ያመጣል። በአራት ማዕዘኑ መጥፋት ያለበትን ሁሉ መረጥን። በዚህ ጊዜ ሳጥኖቹ ግራጫና ከሥር የሚያሳዩ ናቸው፤ እንዳትደነግጡ፣ ገና ሥራ ላይ ስለሆናችሁ ነው። ስትጨርሱ ከዚያው መሣሪያ `Redacted Export` የሚለውን በጥቁር ምረጡ። የሚወጣው ፒዲኤፍ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ምስል የሆነበት ነው፤ ጥቁሩም የዚያው ምስል አካል ነው፣ የሚነሳ ዕቃ የለም። በተለመደው መንገድ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ግን ግራጫው እንዳለ ይወጣል፤ ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ይህ መንገድ የሚያስከፍለው ነገር አለ። ፋይሉ ሊከብድ ይችላል፤ የቀረውን ጽሑፍም ኮፒ ማድረግ አይቻልም። የአማርኛ ፎንት ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ደግሞ `Draw` ሲከፍተው ፊደሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከማውጣታችሁ በፊት ስሙ በትክክል መነበቡን እዩ። አዶቤ አክሮባት ፕሮ ያለው ቤት ካገኛችሁ የእሱ ሬዳክት መሣሪያ የተመረጠውን ጽሑፍ ከፋይሉ አውጥቶ ሌላውን ጽሑፍ እንዳለ ይተወዋል። እዚያም ወጥመድ አለ፦ ምልክት ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ `Apply` መባል አለበት። ነፃው አክሮባት ሪደር ይህ መሣሪያ የለውም። ኮምፒውተር ፈጽሞ ለሌለው ሰው ደግሞ ጥቁሩን ፋይል አትሞ ወረቀቱን መልሶ ስካን ማድረግ ይሠራል፤ ወረቀት ላይ የታተመ ጥቁር ከሥሩ ምንም አይዝም። በእጅ በማርከር የተቀባን ወረቀት ግን አትመኑ። ብርሃን ላይ ሲያዝ ከሥሩ ያለው ቀለም ሊታይ ይችላል።

ሳጥኑ በትክክል ተሠርቶም የሚያመልጡ ነገሮች አሉ። በእህቴ ባል ሰነድ የሂሳብ ቁጥሩ በየገጹ ከላይ ተደጋግሞ ነበር፤ ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ሸፍኖ ሌላውን ዘንግቶታል። የፋይሉም ስም ራሱ የሂሳብ ቁጥሩ ነበር። ባንኩ ሲሰጥ በዚያ ስም ነው ያስቀመጠው፤ ደላላው ፋይሉን ሳይከፍት ቁጥሩን ያነበው ነበር። የፋይዳ መታወቂያ የምታስሸፍኑ ደግሞ ኪውአር ኮዱን አትርሱ፤ ቁጥሩ ጠፍቶ ኮዱ ከቀረ በስልክ ካሜራ የሚነበብ መረጃ ትታችኋል።

ኮፒ ቤት ስትሄዱ "ሸፍኑልኝ" አትበሉ። "ጽሑፉ ከፋይሉ እንዲወጣ እፈልጋለሁ፤ ኮፒ አድርጌ፣ ሳጥኑን አንስቼ ፈትሼ ነው የምከፍለው" በሉ። ፍተሻውን የምታደርጉት የሚላክላችሁ ፋይል ላይ እንጂ የታተመ ወረቀት ላይ አይደለም። ስትወጡ ኦሪጅናሉ ከኮምፒውተራቸው መሰረዙን ጠይቁ፤ በቴሌግራም ልካችሁላቸው ከሆነም ለሁለታችሁም እንዲጠፋ አድርጋችሁ ሰርዙት።

ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ የተሸፈነ ፋይል የላካችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ያንኑ ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ሞክሩት። ከወጣ መልእክቱን ከቴሌግራም ሰርዙት፤ ተቀባዩ አውርዶት ከሆነ ግን መሰረዙ አይመልሰውም። የወጣው የሂሳብ ቁጥርና ስልክ ከሆነ በባንክ ስም እየደወለ የሚስጥር ቁጥር ወይም በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ለሚጠይቅ ሰው አትመልሱ። ደዋዩ ቀሪ ሂሳባችሁን በትክክል ቢነግራችሁም ስልኩን ዝጉና ቅርንጫፋችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።